ማስተርስ ልቀጥል ወይስ ልሥራ? ዋጋው ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል

የሥራ ማስታወቂያ የሚለጠፍባቸውን የቴሌግራም ቻናሎች የሚከታተል ሁሉ ይህችን መስመር በቃሉ ያውቃታል፦ «የመጀመሪያ ዲግሪ እና 6 ዓመት ወይም ሁለተኛ ዲግሪ እና 4 ዓመት አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ»። አብዛኞቻችን የምናነባት አሟላለሁ ወይስ አላሟላም ብለን ለማጣራት ብቻ ነው። ካላሟላን ወደ ሚቀጥለው ማስታወቂያ እናልፋለን። መስመሯ ግን ሌላም ነገር ትናገራለች። ቀጣሪው ማስተርስን በስንት እንደሚቆጥረው ዋጋውን ጽፎ ለጥፏል። ከ6 ላይ 4 ሲቀነስ 2 ነው። በዚህ ቀጣሪ ዓይን ማስተርስ ማለት የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ማለት ነው።

ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። 4 ወይም 2 የሚል አለ፣ 10 ወይም 8 የሚል አለ። ልዩነቱ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው 2 ዓመት አካባቢ ነው። ኢንጂነሪንግ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሰው ጥቂት ዓመት የሠሩ ልጆች «ማስተርስ ልቀጥል ወይስ ልሥራ?» ብለው ሰው ከመጠየቃቸው በፊት ይህንን ሂሳብ ቢሠሩት ይሻላል። ምክርማ ሞልቷል። አባት «ልጄ፣ ተማር» ይላሉ። ጓደኛ ደግሞ «ማስተርስ ምን ያደርግልሃል? ዋናው ችሎታ ነው» ይላል። ሁለቱም ያሰቡለት ናቸው፤ የትኛውን ሥራ እንደሚፈልግ ግን አልጠየቁትም።

እስቲ ሂሳቡን በአንዲት ልጅ ላይ እንሥራው። ልጅቷን እኔ ነኝ የፈጠርኳት፤ እሷን የምትመስል ግን በየቢሮው አለች። አዲስ አበባ ውስጥ የኔትወርክ ኢንጂነር ናት፣ 3 ዓመት ሠርታለች። ዓይኗን የጣለችው ከላይ ባለችው መስመር የወጣ የሲኒየር ኔትወርክ ኢንጂነር ቦታ ላይ ነው፤ በዲግሪ 6 ዓመት፣ በማስተርስ 4 ዓመት። ሦስት መንገድ አላት።

የመጀመሪያው ዝም ብሎ መሥራት ነው። 3 ዓመት ጨምራ 6 ትሞላለች። ስለዚህ ወደ ቦታው የምትደርሰው ከ3 ዓመት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ለቅቆ በመደበኛ ፕሮግራም 2 ዓመት መማር ነው። ስትመረቅ ማስተርስ አላት፣ የሥራ ልምዷ ግን ያው የቀድሞው 3 ዓመት ነው። ማስታወቂያው 4 ስለሚል ገና 1 ዓመት መሥራት ይጠበቅባታል። 2 ዓመት ትምህርት፣ 1 ዓመት ሥራ፣ በድምሩ 3 ዓመት። ልብ በሉ፣ ሳትማር ብትቀጥልም የምትደርሰው በ3 ዓመት ነበር። ማስተርሱ የሰጣትን 2 ዓመት ትምህርት ቤት የተቀመጠችበት 2 ዓመት መልሶ በላው። መሀል ላይ ደግሞ የ24 ወር ደመወዝ ቀርቷል፤ የትምህርት ክፍያው፣ የቤት ኪራዩ፣ ለቤተሰብ የሚላከው ሁሉ ሳይቆጠር ማለት ነው።

«ለሚቀጥለው ደረጃስ ይጠቅማታል አይደል?» ትሉ ይሆናል። እሱንም እንየው። የሚቀጥለው ቦታ በዲግሪ 10 ዓመት፣ በማስተርስ 8 ዓመት ይላል እንበል። ሳትማር ብትቀጥል ዛሬ ካላት 3 ዓመት ላይ 7 መጨመር አለባት። ሥራ ለቅቃ ከተማረች 2 ዓመት ትምህርት፣ ከዚያ 5 ዓመት ሥራ፤ እሱም 7 ነው። ልዩነቱ 2 ዓመት እስከሆነ ድረስ፣ ትምህርቱም 2 ዓመት እስከፈጀ ድረስ፣ መሰላሉ ላይ የቱንም ያህል ብትወጣ ሂሳቡ እኩል ይመጣል። ትምህርቱ በ6 ወር ከተጓተተባት ደግሞ ወደ ኋላ ትቀራለች።

ሦስተኛው መንገድ ሥራ ሳይለቁ በማታ ወይም በቅዳሜና እሁድ መማር ነው። እዚህ ሂሳቡ ይለወጣል። ከ2 ዓመት በኋላ ማስተርስ እና 5 ዓመት ልምድ ይኖራታል። ወደ ሲኒየር ቦታው ከሌላው መንገድ 1 ዓመት ቀድማ ትደርሳለች፤ ወደ ሚቀጥለው ቦታ ደግሞ 7 ዓመት የነበረው 5 ይሆንላታል። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት መስመር በሚቀጥር መሥሪያ ቤት ለማደግ የሚያስብ ሰው አገር ውስጥ ማስተርስ ለመማር ብሎ ሥራ ባይለቅ እመክራለሁ። መማሩን አልተቃወምኩም፤ የተቃወምኩት መልቀቁን ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ከማስተርስ በፊት የተሠራው ዘመን ሙሉ በሙሉ ከተቆጠረ ነው። ማስታወቂያው ልምዱ «ከምረቃ በኋላ» ሲል የትኛውን ምረቃ ማለቱ እንደሆነ ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። ከማስተርስ ምረቃ በኋላ ብቻ ነው የምንቆጥረው የሚል ቀጣሪ ካጋጠመ የማታው ጥቅም ሊጠፋ ይችላል። የምትፈልጉት መሥሪያ ቤት ካለ ለትምህርት ከመመዝገባችሁ በፊት የሰው ሀብት ክፍሉን ደውላችሁ ጠይቁ። የ5 ደቂቃ ስልክ ነው።

እንግዲህ የማታው መንገድ ወረቀት ላይ ያሸንፋል። ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ግን ክፍል ውስጥ አይደለም። ኮርሱን ሠራተኛ ተማሪም ቢሆን እየደከመው ይጨርሰዋል፤ የትምህርት ሰዓት አለ፣ ፈተና አለ፣ አብሮ የሚያጠና ሰው አለ። ችግሩ የሚጀምረው የመመረቂያ ጽሑፉ ጋ ነው። ኮርሱ ሲያልቅ ግቢ መሄድ ይቀራል። ፈተና የለም፣ የሚጠራው ሰው የለም። በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤት ደግሞ ሥራ ይበዛል። አማካሪው መምህር ብዙ ተማሪ ስላለባቸው ያልመጣ ተማሪ አይፈልጉም። በዚህ መሀል አንድ ዓመት እልም ይላል። የኛዋ ልጅ ጽሑፉ ላይ 1 ዓመት ከዘገየች ማስተርሱን የምትይዘው ከ3 ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ 6 ዓመቷን ስለሞላች ያለ ማስተርሱም ለሲኒየር ቦታው ትበቃ ነበር። ለዚህኛው ቦታ ያተረፈችው ነገር የለም ማለት ነው።

ጽሑፉን ከምንም በላይ የሚያዘገየው ዳታ ነው። ባንክ ውስጥ የሚሠራ ተማሪ የመሥሪያ ቤቱን የኔትወርክ ትራፊክ ላጥና ብሎ ርዕስ ያስጸድቃል። አማካሪው «ጥሩ ነው» ይላሉ። ከዚያ ለአለቃው የትብብር ደብዳቤ ሲያስገባ ደብዳቤው ወደ ደህንነት ክፍል ይመራል፣ ከዚያ ወደ ሕግ ክፍል ይሄዳል፣ ከ4 ወር በኋላ «አይቻልም» ተብሎ ይመለሳል። ባንኩ የደንበኞቹን መረጃ መጠበቁ ስህተት አይደለም። ስህተቱ ፈቃዱ የተጠየቀው ርዕሱ ከጸደቀ በኋላ መሆኑ ነው። ርዕሱን ገና የመጀመሪያውን ዓመት ሳትጨርሱ ከምትሠሩት ሥራ ውስጥ ፈልጉት፤ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ፤ ፈቃድ ከሌለ ደግሞ በሲሙሌሽን ወይም ለሁሉም ክፍት በሆነ ዳታ ሊሠራ የሚችል ርዕስ ምረጡ። የኔትወርክ ተማሪ አንድ ላፕቶፕ ላይ ብዙ ራውተሮች ያሉት ኔትወርክ አስመስሎ መሥራት ይችላል። የደንበኛ መረጃ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ለቀጣሪዎችም አንድ ነገር ማለት ይገባል። ማስተርስ ያለው ሰው ፈልጋችሁ ማስታወቂያ ታወጣላችሁ፤ የራሳችሁ ሠራተኛ ማስተርሱን ለመጨረስ ዳታ ሲለምን ግን በሩን ትዘጉበታላችሁ። ስምና ሒሳብ ቁጥር የወጣለት ዳታ ለጥናት የሚሰጥበት አንድ ገጽ መመሪያ ማዘጋጀት ብዙ አይከብድም። ጥናቱም የሚሠራው በእናንተው ችግር ላይ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ክፍያውን የሚሸፍን ከሆነ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት የግዴታ ውሉን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ስንት ዓመት ታገለግላለህ የሚለውን ሁሉም ያነበዋል። ብዙዎች የሚዘሉት ግዴታው ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር የሚናገረውን ነው። መቁጠር የሚጀምረው ትምህርቱ ሲያልቅ ከሆነ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ በተጓተተ ቁጥር ግዴታውም ወደ ፊት ይገፋል። እየሠራችሁ የቆያችሁበት ዘመን ከግዴታው ላይ አይቀነስላችሁም ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ «ሥራ ልምድ» እንምጣ፤ እሱም እንደ ማስተርሱ ሁሉ ወረቀት ነውና። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ስታመለክቱ ከግል ድርጅት ያመጣችሁት የሥራ ልምድ ማስረጃ ብዙ ጊዜ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን እንዲገልጽ ይጠየቃል። በቃል ስምምነት፣ በእጅ እየተከፈላችሁ የሠራችሁት ዘመን ምንም ያህል ብትለፉበት አይቆጠርም። ፍሪላንስ የሚሠሩ ልጆችን የሚጎዳው ይህ ነው። ለ3 ዓመት የውጭ ደንበኞች ዌብሳይት ሲሠራ የኖረ ልጅ በችሎታው ከማንም አያንስም፤ እዚያ ዴስክ ላይ ግን «0 ዓመት» ነው።

ሌላው የሥራ መደቡ ስም ነው። ሥራችሁ ኔትወርክ ሆኖ ደብዳቤው ላይ «የአይቲ ኦፊሰር» ተብሎ ከተጻፈ፣ አግባብነት ያለው ልምድ የምትለዋ ቃል ልትጥላችሁ ትችላለች። ደብዳቤው ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችሁ፣ የመደቡን ስም፣ ዋና ዋና ተግባራቱን፣ ደመወዙንና የግብሩን ነገር ቢይዝ ጥሩ ነው። ይህንን ለማስተካከል የሚቀለው እዚያው እየሠራችሁ እያለ ነው። ከለቀቃችሁ በኋላ፣ በተለይ ድርጅቱ ከተዘጋ፣ ማንን ትጠይቃላችሁ?

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ወረቀቱ ሂሳብ ነው። ሂሳቡ የማይሠራባቸው ሁለት በሮች አሉ፤ አንደኛው ያለ ማስተርስ የማይከፈት ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሌክቸረር የሚለውን ደረጃ ለማግኘት ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ 10 ዓመት የሠራ ጎበዝ ኢንጂነርም ቢሆን በልምዱ ብቻ አያልፍም። መምህር ወይም ተመራማሪ መሆን የሚፈልግ ሰው «ልሥራ ወይስ ልማር» የሚለው ጥያቄ የእሱ አይደለም። ብሔራዊው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ጋት የምንለው፣ መቼ እንደሚሰጥ ቢከታተል ይበጀዋል።

ሁለተኛው በር ተቃራኒው ነው። ሶፍትዌር የሚሠሩ የግል ድርጅቶች፣ በተለይ ደግሞ በርቀት የሚቀጥሩ የውጭ ኩባንያዎች፣ የሚመዝኑት በፈተና ነው። ኮድ ጻፍ ይላሉ፣ የሠራኸውን አሳየን ይላሉ፣ ሲስተሙን ለምን እንዲህ ገነባኸው ብለው ይጠይቃሉ። እዚህ ማስተርስ ሲቪ ላይ አንድ መስመር ነው። ዓመቱም ቢሆን ብቻውን አያድንም። ምክንያቱም 5 ዓመት ቢሮ መቀመጥና 5 ዓመት መሥራት የተለያዩ ናቸው።

የእናንተ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ያለፈውን 1 ዓመት ብቻ መለስ ብላችሁ እዩት። አምና የማይሰጣችሁ፣ ዘንድሮ ግን ለእናንተ የተተወ ኃላፊነት አለ? ሲስተም ሲወድቅ የሚደወለው ለእናንተ ነው ወይስ ሌሎች ሲያስተካክሉት ትሰማላችሁ? ከእናንተ የተሻለ ሰው ሥራችሁን አይቶ «ይሄ ትክክል አይደለም» ብሏችሁ ያውቃል? የኛዋን የኔትወርክ ልጅ እንውሰድ። አንድ ቀን የአንድ ቅርንጫፍ ዋና መስመር ተቆረጠ፤ ተጠባባቂው መስመር ሥራውን መረከብ ሲገባው አልተረከበም። ምክንያቱም መስመሩ የተገጠመ ቀን በትክክል ይቀያየር እንደሆነ ማንም ነቅሎ አልሞከረውም ነበር። ይህንን ያገኘችው እሷ ከሆነች፣ ከዚያ በኋላ ሁሉንም ቅርንጫፎች በየተራ ነቅላ የሞከረችውም እሷ ከሆነች፣ ያ ዓመት ልምድ ነው። የትኛውም ክፍል ውስጥ አይገኝም። ዓመቱን ሙሉ የይለፍ ቃል ስትቀይርና ፕሪንተር ስታገናኝ ከከረመች ግን የሚያስፈልጋት ማስተርስ ሳይሆን ሌላ ሥራ ነው። ከዚህ ዓይነቱ ቦታ ለማምለጥ ብለው ማስተርስ የሚገቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ዲግሪውን ይዘው እዚያው ወንበር ላይ ይመለሳሉ።

ለትምህርት ፍትሐዊ ለመሆን የሥራ ቦታ የማይሰጠውም አለ። ያው ባንክ ውስጥ የማጭበርበር ዝውውሮችን በማሽን ለርኒንግ ለመለየት የምትፈልግ ልጅ ፕሮባቢሊቲ፣ ስታቲስቲክስና ሊኒየር አልጀብራ በደንብ ያስፈልጓታል። እነዚህን ከሥራ መልስ በዩቲዩብ እጨርሳለሁ ብሎ የጀመረ ሁሉ አራተኛው ሳምንት ላይ ምን እንደሚሆን ያውቀዋል። እዚህ ክፍሉ፣ የቤት ሥራውና ፈተናው ራሱ ነው የሚገዛው። ማስተርስ ዋጋ የሚያወጣው እንዲህ መስክ ለመቀየር ወይም ሥራው ራሱ የማያስተምረውን ሒሳብ ለመያዝ ሲሆን ነው። የመጀመሪያ ዲግሪን ኮርሶች በሌላ ስም ለመድገም ከሆነ ግን የቀረው ነገር ያው የ2 ዓመቷ ልዩነት ብቻ ናት። ከመመዝገብ በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር ወስዶ ስንቱን አውቀዋለሁ ብሎ መቁጠር ነው።

ሥራ መልቀቅ ትርጉም የሚኖረው ስኮላርሺፕ ሲገኝ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሥራ ልምዱ መግቢያ ይሆናል። የእንግሊዙ ቼቭኒንግ የ1 ዓመት ማስተርስ ወጪን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ ለማመልከት ግን 2,800 ሰዓት፣ ማለትም 2 ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ሲጨርሱም ወደ አገር ተመልሶ 2 ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። የጀርመኑ ዳድ ከልማት ጋር ለተያያዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች የሚሰጠው ስኮላርሺፕም ቢያንስ 2 ዓመት አግባብ ያለው ልምድ ይፈልጋል። እሱ ጋ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ገደብ አለ፤ የመጨረሻው ዲግሪ በመደበኛነት ከ6 ዓመት በላይ የቆየ መሆን የለበትም። ስለዚህ እንደተመረቀ የሚያመለክት ልጅ ገና ነው ይባላል። «ትንሽ ልሥራና በኋላ አየዋለሁ» እያለ 7 ዓመት የቆየው ደግሞ አልፎበታል። መስኮቱ ክፍት የሚሆነው ከ2ኛው እስከ 6ኛው ዓመት ድረስ ነው።

የኛዋ ልጅ እንደተመረቀች ሥራ ጀምራ ከሆነ አሁን 3ኛ ዓመቷን ጨርሳለች። ብዙዎቹ የጀርመን ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚቀበሉት ትምህርቱ ሊጀመር 1 ዓመት ገደማ ሲቀረው ስለሆነ፣ የቀራት ቢበዛ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ነው። ማታ ትምህርት ከመመዝገቧ በፊት አንዱን ዙር ብትሞክር የምታጣው ነገር ጥቂት ምሽቶችን ነው። ለዚያ የሚያስፈልጋት የመጀመሪያው ወረቀት ደግሞ የሠራችው ኔትወርክ እንደሆነ በትክክል የሚናገር የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። እሱን ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገባ መጠየቅ ትችላለች።